ዜሮ ባይት የሆነው ምርቃት

እሁድ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የስቱዲዮው በር ተንኳኳ። ካሜራማኑ ነበር። ከሠርጉ አዳራሽ በቀጥታ ነው የመጣው፤ ጫማው ላይ የቄጤማ ቁራጭ ተጣብቋል። ሰላምታም ሳያስቀድም ከሸሚዙ ኪስ ሜሞሪ ካርድ አውጥቶ ኪቦርዴ አጠገብ አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ምርቃቱ የለም።»

«የለም ስትል?»

«ፋይሉ አለ። ግን ዜሮ ባይት ነው የሚለው።»

የጥር ሠርግ ነው። ጠዋት በሙሽሪት ቤት ሚዜዎቹ በር ላይ ብዙ ተከራክረው ከገቡ በኋላ ሙሽሮቹ የሽማግሌዎችን ጉልበት ስመዋል፤ ከደብረ ታቦር የመጡት የሙሽሪት አያትም ተነሥተው መርቀዋል። ምርቃቱ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ወስዷል። ሰኞ ማታ መልስ አለ። በመልሱ ላይ የሃያ ደቂቃ ቅንብር በትልቅ ስክሪን ይታያል ተብሎ ለቤተሰቡ ቃል ተገብቷል፤ ቃሉን የገባሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

አስቀምጬ ጠየቅሁት። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገጥም መጀመሪያ የሚመረመረው ካርዱ ሳይሆን ሰውየው ነው። መቼ ጠፋ? ከዚያ በኋላ ምን ተነካ? ከሁለቱ ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጣል። ትንሽ ካንገራገረ በኋላ ነገረኝ። አያቱ እየመረቁ ሳለ ባትሪው ሊያልቅ ምልክቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ካሜራው በራሱ ቢጠፋ ኖሮ ፋይሉን ዘግቶ ነበር የሚጠፋው፤ ብዙዎቹ ካሜራዎች ለዚያ የሚሆን ጉልበት ያስቀራሉ። እሱ ግን ምርቃቱ እንዳያመልጠው ሲጣደፍ ቀረጻውን ሳያቆም የባትሪውን ክዳን ከፈተ። ካሜራው በዚያው ቅጽበት ሞተ። አዲስ ባትሪ ከትቶ 38 ሰከንድ ያህል ቀረጸ፤ ከዚያ ጠርጥሮ መልሶ ሲያይ የቀድሞው ክሊፕ አይከፈትም። ካርዱን አውጥቶ ሌላ አስገባ። የቀኑን ሠርግ በሁለተኛው ካርድ ጨረሰ።

«ከዚያ በኋላ ካርዷን የትም አልሰካሁም» አለ። ይሄ ዓረፍተ ነገር የሌሊቱን ግማሽ ሥራ ሠርቶልኛል።

ካርዷ በግራ ጎኗ ትንሽ መቆለፊያ አላት። እሷን ወደ ታች ገፋሁና ነው ኮምፒውተር ላይ የሰካሁት። መቆለፊያዋ የኤሌክትሪክ ማብሪያ አይደለችም፤ ለካርድ ሪደሩ «እባክህ አትጻፍብኝ» የምትል ምልክት ብቻ ናት፤ ጥሩ ሪደር ያከብራታል። ያለ እሷ ዊንዶውስ ላይ ብሰካት ኖሮ «ይህ ድራይቭ ችግር አለበት፣ ላስተካክለው?» የሚል መልእክት ይመጣ ነበር። ብዙ ሠርግ የጠፋው እሺ በሚለው ቁልፍ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ማስተካከል የሚፈልገው የራሱን መዝገብ ነው፤ መዝገቡ ንጹሕ እንዲሆንለት የአያቱን ምርቃት ባለቤት እንደሌለው ቆሻሻ ጠርጎ መጣል አይከብደውም።

ቀጥሎ ያደረግሁት ነገር ምንም የማዳን ሥራ አይመስልም። ካርዷን ከመጀመሪያው ባይት እስከ መጨረሻው፣ ባዶ ነው የተባለውን ቦታ ሳይቀር፣ እንዳለ ወደ ሃርድ ዲስክ ገለበጥኳት። ፋይሎቹን ኮፒ ማድረግ አይበቃም። ኮፒ የሚያደርገው መዝገቡ ውስጥ ያሉትን ብቻ ነው፤ መዝገቡ ደግሞ ዜሮ ብሏል። ለዚህ የምጠቀመው አንቶኒዮ ዲያዝ ዲያዝ የጻፈውን `ddrescue` የተባለ የሊኑክስ ፕሮግራም ነው።

```
ddrescue -d /dev/sdb kart.img kart.map
```

ሦስተኛዋ ፋይል፣ `kart.map`፣ የት ድረስ እንደተገለበጠ የሚመዘገብባት ናት። ካርዷ 64 ጊጋባይት ናት፤ ሪደሬ አሮጌ ስለሆነ በሰከንድ ከ20 ሜጋባይት አይበልጥም፤ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሥራ ነው። ከምሽቱ 4 ከ40 ሲሆን ሲሶው ሳይሞላ መብራት ሄደ። የዩፒኤሴ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። ጨለማው ውስጥ ካሜራማኑ «በቃ» ሲል ሰማሁት። መብራቱ እኩለ ሌሊት ላይ ሲመለስ ያንኑ ትእዛዝ መልሼ ጻፍኩ፤ ፕሮግራሙ ካርታውን አንብቦ ካቆመበት አካባቢ ቀጠለ። ካርዷም መበላሸት የጀመረች ብትሆን ኖሮ ይኸው ካርታ የማይነበበውን ቦታ ለኋላ አቆይቶ መጀመሪያ ደህናውን እንዲያነሣ ያደርገው ነበር። የኛ ካርድ ግን ጤነኛ ናት፤ አንድም የማይነበብ ቦታ አልተገኘባትም። የታመመው ሌላ ነገር ነው።

ቅጂው እስኪያልቅ ድረስ ለካሜራማኑ ያስረዳሁትን እዚህም ልድገመው።

አንድ የንብረት ክፍል ሠራተኛ አስቡ። ከጠዋት ጀምሮ ዕቃ ይረከባል። ሣጥኑን ሁሉ በመጣበት ቅደም ተከተል መጋዘኑ ውስጥ ይደረድራል። ምን የት እንዳለ፣ እያንዳንዱ ሣጥን ምን ያህል እንደሆነ በቃሉ ይዟል፤ ማታ በሩን ሲዘጋ መዝገቡ ላይ ሊያሰፍረው ነው። ሊመሽ ሲል ሰውየው ድንገት ይወድቃል። ዕቃው አንድም አልተነካም፤ መጋዘኑ ሙሉ ነው። ግን ሣጥኖቹ ምልክት የላቸውም፤ መዝገቡም ባዶ ነው።

ካሜራውም እንደዚያ ነው የሚሠራው። `.MOV` እና `.MP4` የምንላቸው ፋይሎች በ1991 ከወጣው የአፕል ኩዊክታይም የወረሱት አንድ ጠባይ አላቸው፤ ፋይሉ በሣጥኖች ይከፈላል። `mdat` የሚባለው መጋዘኑ ነው፤ ምስሉና ድምፁ ተቀላቅለው፣ ያለ ምንም መለያ፣ እዚያ ይወርዳሉ። `moov` የሚባለው መዝገቡ ነው፤ እያንዳንዱ ፍሬም ከየት ጀምሮ ስንት ባይት እንደሆነ፣ ድምፁ የት የት እንደገባ፣ ምስሉ ስንት በስንት እንደሆነ የሚናገረው እሱ ብቻ ነው። ቀረጻው ሳያልቅ የፍሬሞቹ ቁጥር አይታወቅምና ካሜራው መዝገቡን በጊዜያዊ ማስታወሻው ይዞ ይቆያል፤ ቀይዋን ቁልፍ ደግመው ሲጫኑ ነው የሚጽፈው። ባትሪው ሲነቀል ያ ማስታወሻ ይጠፋል። ዘጠኝ ደቂቃው ካርዷ ላይ ነበረ፤ የወደቀው መዝጋቢው ነው።

(ሁሉም ቀረጻ እንዲህ አይደለም። የድሮዎቹ ካሜራዎች `.MTS` ፋይል ከ192 ባይት እሽጎች የተሠራ ነው፤ እያንዳንዱ እሽግ ከመጀመሪያዎቹ አራት ባይቶች ቀጥሎ `47` የሚል ምልክት አለው፤ መሐሉ ላይ ቢቆረጥም እስከተቆረጠበት ይጫወታል። ያን ፎርማት «አሮጌ» ብለው የሚንቁትን ሳይ ይሄን ሌሊት አስታውሳለሁ።)

ቅጂው ከሌሊቱ 6 ከ30 አካባቢ አለቀ። ካርዷን ነቅዬ ፖስታ ውስጥ ከተትኳት፤ ከዚህ በኋላ የምነካው ቅጂውን ብቻ ነው።

የመዝገቡን ዝርዝር አየሁ። `CLIP0146.MOV` ደህና ነው። `CLIP0147.MOV` ዜሮ ባይት። `CLIP0148.MOV`፣ ያ የ38 ሰከንዱ፣ ደህና ነው። ካሜራማኑ አንድ ጥሩ ልማድ አለው፤ ከእያንዳንዱ ሠርግ በፊት ካርዱን ካሜራው ውስጥ ፎርማት ያደርጋል። ስለዚህ ክሊፖቹ ሳይበታተኑ አንዱ ካንዱ ቀጥሎ ነው የሚሰፍሩት። አንድ አንድ እየመረጡ የሚያጠፉ ሰዎች ካርድ እንደ ተበሳሳ ወንፊት ነው፤ አዲሱ ክሊፕ ቀዳዳ ባገኘበት ሁሉ ተቆራርጦ ይገባል፤ መዝገቡ ከጠፋ ቁርጥራጩን ገጣጥሞ ማንሣት ከባድ ነው። እዚህ ግን 146 የሚያልቅበትን ካወቅሁ 147 የሚጀምርበትን አውቃለሁ ማለት ነው።

ሄጄ ሳይ ግን እዚያ ቦታ ላይ 147 የለም። 148 ነው የተቀመጠው።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ ገብቶኝም ዝም አልኩ። ባትሪው ሲነቀል ካሜራው የ147ን ቦታ «ተይዟል» ብሎ ገና አልመዘገበም ነበር። ስለዚህ አዲሱ ባትሪ ሲገባ ቦታውን ባዶ አገኘው፤ 148ን በ147 ላይ ደርቦ ጻፈው። 38 ሰከንድ ሲቀርጽ፣ 38 ሰከንድ ከምርቃቱ መጀመሪያ ላይ አጠፋ። የተደረበበት አይመለስም። ለዚህ ፕሮግራም የለም፤ አለኝ የሚል ሰው ካለ ገንዘብ አትስጡት።

«አምስት ደቂቃ ቀጥለህ ብትቀርጽ ኖሮ» አልኩት፣ «አምስት ደቂቃ ይሄድ ነበር።»

ከኪሱ መሐረብ አወጣና ግንባሩን ጠረገ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ይህ ካሜራ ምስሉን በሰከንድ 50 ሜጋቢት፣ ድምፁን 1.5 ሜጋቢት አድርጎ ይጽፋል፤ ሁለቱ ተደምረው ወደ 6.4 ሜጋባይት ይመጣሉ። ዘጠኝ ደቂቃ ማለት 3.5 ጊጋባይት ግድም ነው። ከዚያ ላይ 38 ሰከንዱ፣ ወደ 245 ሜጋባይት፣ ተቀንሷል። የቀረው ከ148 መጨረሻ ጀምሮ መገኘት አለበት። አለ ወይስ የለም የሚለውን ለማወቅ ባይቶቹን ራሳቸውን በሄክስ ማሳያ ከፈትኩ።

ለማያውቀው ሰው ማሳያው የቁጥር ውርጅብኝ ነው። ግን በውርጅብኙ መሐል የሚፈለግ አንድ ነገር አለ። ይህ ካሜራ እያንዳንዱን ፍሬም በስድስት ባይት ያስታውቃል፤ ራሱን የቻለ ሙሉ ምስል ሲሆን እንዲህ ይላል፦

```
00 00 00 02 09 10
```

ካንዱ ሙሉ ምስል እስከ ሌላው ያሉት ፍሬሞች ሙሉ አይደሉም፤ ካለፈው ምን እንደተለወጠ ብቻ ነው የሚይዙት፤ መለያቸውም በ`10` ፈንታ `30` ወይም `50` ነው። ምልክቱን ካገኘሁት ጥቂት ዝቅ ብሎ `00 01 8C 2A 65` የሚል አየሁ። የመጀመሪያዎቹ አራት ባይቶች ርዝመት ናቸው፤ 101,418 ማለት ነው። `65` የሙሉ ምስል መለያ ነው። 101,418 ባይት ወደ ፊት ዘለልኩ፤ ያረፍኩት በትክክል በሚቀጥለው `00 00 00 02 09` ላይ ነው። ደግሜ ዘለልኩ፤ አሁንም ልክ። አንድ ጊዜ ቢሆን አጋጣሚ ነው ይባል ነበር፤ አሥር ጊዜ ሲሆን ቪዲዮ ነው።

«አለ» አልኩት።

በዚህ መሐል የካሜራማኑ ስልክ ጮኸ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። የሙሽሪት እናት ናቸው። ልጁ ስልኩን እንደ ትኩስ ድንች ወደ እኔ ዘረጋ።

«ልጄ፣ አላስተኛኝ አለ» አሉ። «የአባቴ ምርቃት ደህና ወጥቷል አይደል? ነገ ለሰዉ ሁሉ ይታያል ብያለሁ።»

«እትዬ፣ እየሠራንበት ነው።» አልዋሸሁም፤ ሁሉንም ግን አልተናገርኩም። «ከቤተሰቡ በስልክ የቀረጸ ሰው ነበር?»

«ታናሽየዋ ስልኳን መች ከእጇ ትለያለች! ምነው?»

«ለማጣፈጫ ነው፤ ያላትን ሁሉ ሳትቆርጥ ትላክልኝ።»

አሁን የሚያስፈልገው አዲስ መዝገብ መጻፍ ነው። ጣሊያናዊው ፌዴሪኮ ፖንኪዮ የጀመረው፣ ሌሎች ደግሞ ያሻሻሉት `untrunc` የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ሥራው እኔ በእጄ ያደረግሁትን መዝለል ሺህ ጊዜ ማድረግና የረገጠበትን ሁሉ መመዝገብ ነው። ያለ አንድ ነገር ግን አይንቀሳቀስም፤ በዚያው ካሜራ፣ በዚያው አቋም የተቀረጸ አንድ ጤነኛ ክሊፕ ይፈልጋል። ምክንያቱም የምስሉ ስፋትና ቁመት፣ የተጨመቀበትም መንገድ በዚህ ዓይነት ፋይል ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ፣ መዝገቡ ላይ ነው የሚጻፈው። ያ ከሌለ ባይቶቹ በሙሉ ቢገኙም የሚፈታቸው የለም።

እዚህ ላይ ሰዓት አባከንኩ። ድካም ይሆናል፣ ከጠዋቱ ክሊፖች የመጀመሪያውን አንሥቼ ሰጠሁት። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴና ሐምራዊ ጭረት እንጂ ሰው አልታየም። ያ ክሊፕ የሙሽሪት ቀሚስ ቀስ ብሎ ሲወዛወዝ እንዲታይ በሰከንድ 50 ፍሬም የተቀረጸ ነው፤ ምርቃቱ ግን 25 ነው። ካሜራው አንድ ነው፣ አቋሙ ግን ሌላ። ከምርቃቱ ጋር ፍጹም አንድ የሆነው ክሊፕ የቱ ነው ብዬ ሳስብ 148 ነው። ምርቃቱን የበላው ክሊፕ መድኃኒቱም እሱ ሆነ።

የተረፈውን ክፍል ከቅጂው ቆርጬ አወጣሁ። መጀመሪያው ስለተደረበበት የመጋዘኑ በር እንኳ የለውም፤ እሱን ስምንት ባይት ጽፌ ከፊቱ ለጠፍኩለት። አራቱ ዜሮዎች «እስከ ፋይሉ መጨረሻ ድረስ» ማለት ናቸው።

```
dd if=kart.img of=body.bin bs=128K skip=163900 count=28000
printf '\0\0\0\0mdat' > lost.MOV
cat body.bin >> lost.MOV
untrunc -s CLIP0148.MOV lost.MOV
```

`-s` የሚለው «የማታውቀው ነገር ሲገጥምህ አትቁም፣ እየተራመድክ እለፈው» ነው። ያስፈለገው ቁርጡ በአንድ ፍሬም ወገብ ላይ ስለሚጀምር ነው። ሙሉ ምስል በየ12 ፍሬሙ ስለሚመጣ በዚህ የሚጠፋው ቢበዛ ግማሽ ሰከንድ አይሞላም።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከሩብ ሲሆን አያቱ ስክሪኑ ላይ ታዩ። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ መልሰው፣ እጃቸውን ዘርግተው። ካሜራማኑ ወንበሩን ስቦ ቀረበ። ሁለታችንም ምንም አላልንም። ምርቃቱን ለመስማት ሳይሆን እንዳይቆረጥ ነበር የምንጠብቀው።

3 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ላይ ምስሉ እንዳለ ሆኖ ድምፁ ተበላሸ፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ሆነ። ይህ ዓይነቱ ጫጫታ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አይደነግጥም። በዚህ ካሜራ ድምፁ አይጨመቅም፤ በሰከንድ 48,000 ናሙና፣ እያንዳንዱ ሁለት ባይት፣ ለግራና ለቀኝ፣ ማለትም በሰከንድ 192,000 ባይት፣ ከፍሬሞቹ መሐል ይገባል። ርዝመትም ምልክትም የለውም፤ ከ25 ፍሬም በኋላ 192,000 ባይት ድምፅ እንደሚመጣ ከጤነኛው ክሊፕ ነው የሚታወቀው። ፕሮግራሙ አንድ ቦታ ላይ ተሳስቶ አንድ ባይት ብቻ ቢዛነፍ የአንዱ ናሙና ግማሽ ከሌላው ግማሽ ጋር ይጋባል፤ ውጤቱ ያ በረዶ ነው። ሁለት ባይት ቢሆን ኖሮ ግራና ቀኙ ይለዋወጥ ነበር እንጂ ማንም አያስተውለውም።

ለምን እዚያ ቦታ? መልሼ ሰማሁት። አያቱ 3 ከ17 ላይ ዝም ብለዋል፤ እንባ መጥቶባቸው ይመስለኛል፣ ቤቱም አብሮ ጸጥ ብሏል። ጸጥታ በቁጥር ሲጻፍ ከዜሮ እምብዛም አይርቅም፤ `00 00 00 02` የመሰለ ነገር እዚያ ውስጥ መገኘቱ አይገርምም። ፕሮግራሙ ጸጥታውን የፍሬም መጀመሪያ አድርጎ አነበበው።

መፍትሔው የተራቀቀ አይደለም። ከተሰናከለበት ቀጥሎ ያለውን የመጀመሪያ `09 10` በሄክስ ፈልጌ፣ ከዚያ ጀምሮ ያለውን ለብቻው ቆርጬ፣ በር ለጥፌለት እንደ አዲስ ሰጠሁት። ሁለት ቁራጭ ሆነ፤ በመሐሉ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ክፍተት አለ። ክፍተቱ ያረፈው ጸጥታው ላይ ነው። የሙሽሪትን ፊት ከጠዋቱ ሌላ ክሊፕ አምጥቼ እዚያ ላይ አስቀመጥኩት።

ከዚያ ቀጥሎ የሆነው ካሜራማኑን ከወንበሩ አስነሣው። ወደ መጨረሻው አካባቢ፣ አያቱ ድምፃቸውን ከፍ እያደረጉ ሳለ፣ ምስሉ ግራጫ ሆኖ ተሰባበረ፤ ከዚያ ጠራ። ስንመለከት ሌላ አዳራሽ፣ ሌላ ሙሽራ፣ ሌላ ኬክ።

«ማን ናት ይቺ?» አልኩት።

ዝም ብሎ አየና «ያለፈው ሳምንት ናት» አለ።

ፎርማት ሲደረግ የሚጠፋው መዝገቡ ብቻ ነው። ያለፈው ሳምንት ሠርግ አዲስ ነገር እስኪደረብበት ድረስ ካርዷ ላይ ይቆያል፤ ካሜራው አንድ፣ አቋሙ አንድ ስለሆነ ደግሞ ፕሮግራሙ የሁለቱን ድንበር አያውቅም፤ በደስታ ይቀጥላል። እዚህ ላይ ሳያዩ ማስረከብ የሚያመጣውን መዘዝ አስቡት፤ በአንዷ መልስ ላይ የሌላዋ ኬክ። ድንበሩ የት እንደሆነ ለማረጋገጥ የተሰባበረበትን ቦታ ለ131,072 አካፈልኩት፤ ያለ ቀሪ 24,571 ሆነ። 131,072 ባይት ካርዷ ቦታ የምታድልበት ጥማድ ነው፤ ቪዲዮ በተፈጥሮው እንዲህ ባለ ልክ ቁጥር ላይ አይሰበርም። ስለዚህ ካሜራው መጨረሻ የጻፈው እዚያ ድረስ ነው። ቀሪው፣ ሁለት ሰከንድ ያህል ይመስለኛል፣ ባትሪው ሲነቀል ገና ወደ ካርዱ አልወረደም ነበር።

ሲደመር 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ አገኘን። ከመጀመሪያው 38 ሰከንድ፣ ከመጨረሻው ሁለት ሰከንድ የለም።

የመጀመሪያውን የታናሽየዋ ስልክ ሞላው። ቪዲዮው በቁም የተያዘ ነው፤ መሐል ላይ የአክስት ሻሽ ይገባበታል። ስልክ ደግሞ እንደ ካሜራ በእኩል ፍጥነት አይቀርጽም፤ ብርሃን ሲያንሰው ይዘገያል፣ ሲያገኝ ይፈጥናል፤ እንዳለ ታይምላይን ላይ ከጣሉት ድምፁ ቀስ በቀስ ከከንፈር ይሸሻል። አስቀድሜ ወደ ቋሚ 25 ፍሬም ቀየርኩት። ከካሜራው ጋር ለማጋጠም ጭብጨባ ፈለግሁ፤ በሠርግ ቤት ጭብጨባ መፈለግ ቀላል ነው። ሴቶቹ እልል ብለው ሲያጨበጭቡ የመጀመሪያዋ ጭብጨባ በሁለቱም ድምፅ ላይ እንደ ሚስማር ቆማ ትታያለች፤ ሁለቱን ሚስማሮች አንድ ላይ አደረግሁ። በቁም የተያዘውን ምስል ግራና ቀኙን በድብዝዝ መሙላት አልወድም፤ ጠባብ እንደሆነ ተውኩት። አያቱ ከወንበራቸው ሲነሡ፣ ሙሽሪት ስትንበረከክ ይታያል።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ሰከንዶች ግን ስልኩም አልያዛቸውም። ታናሽየዋ ያኔ እያለቀሰች ነበር፤ ስልኳ ምንጣፉን ነው የሚያሳየው፤ ድምፁም የእሷ ልቅሶ ብቻ ነው። አያቱ «ዘራችሁ ይብዛ፣ ቤታችሁ ይሙቅ» ብለው ትንፋሽ ሲስቡ ያልቃል። ከሌላ ቦታ ድምፃቸውን ቀጥዬ ማስጨረስ እችል ነበር፤ ከፊት ያሉት ምርቃቶች ሁሉ በአሜን ነው የሚዘጉት። እጄ ማውሱ ላይ ሆኖ ትንሽ አሰብኩና ተውኩት። ያላሉትን ማስባል ሆነብኝ። ምስሉን ቀስ አድርጌ አጠቆርኩት፣ ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑን አስከተልኩ።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ካሜራማኑ ሶፋው ላይ ተኝቷል፤ ክራቫቱ ከኪሱ ተንጠልጥሏል። ቅንብሩን አውጥቼ ሙሉውን አንድ ጊዜ ሳልዘል አየሁት። ከዚያ የካርዷን ቅጂ ሁለተኛ ዲስክ ላይ ገለበጥኩ፤ ፖስታው ላይ «እስከሚቀጥለው ሳምንት አትንካ» ብዬ ጻፍኩበት።

ማታ በመልሱ ላይ ከስክሪኑ ጎን ቆሜ ነበር። እናትየዋ ከፊት ተቀምጠዋል፤ አያቱ አጠገባቸው። በቁም የተያዘው ጠባብ ምስል ሲመጣ ማንም ቅር ያለው አልመሰለኝም፤ አክስትየዋ ሻሿን ስታይ ሳቀች። ከዚያ ምርቃቱ። እያንዳንዱ ቃል ላይ ሰዉ እንደ እሁድ ጠዋቱ «አሜን» ይላል። መጨረሻው ሲደርስ አያቱ ትንፋሽ ሳቡ፤ ምስሉ ጠቆረ። አዳራሹ በሙሉ «አሜን» አለ።

ካሜራማኑ ያን ጊዜ ከአዳራሹ ጥግ ነበረ። የባትሪው ምልክት ብልጭ ድርግም ሲል ከቆምኩበት ይታየኛል። ቀይዋን ቁልፍ ተጫነ። ክዳኑ ላይ ጣቱን አድርጎ፣ የመጻፊያዋ መብራት እስክትጠፋ ጠበቀ።